ሁለቱ መስመሮች የት ይገናኛሉ? የኢንዛይም አጋጆችን በግራፍ መለየት

ኢንዛይም በሕዋስ ውስጥ ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን ነው። የሚለውጠው ንጥረ ነገር ሰብስትሬት ይባላል። ሰብስትሬቱ የሚያርፍበትና ለውጡ የሚካሄድበት የኢንዛይሙ ክፍል ደግሞ አክቲቭ ሳይት ይባላል። የኢንዛይሙን ሥራ የሚያዘገይ ሌላ ንጥረ ነገር ሲጨመር በመለኪያው ላይ የሚታየው የፍጥነት መቀነስ ብቻ ነው። አጋጁ ሰብስትሬቱን ከቦታው እየገፋ ይሁን፣ ወይስ ሌላ ቦታ ላይ ተጣብቆ ኢንዛይሙን እያሰናከለ፣ ቁጥሩ በራሱ አይናገርም። የባዮኬሚስትሪ ፈተና ሁለቱን ለዩ ብሎ ሲጠይቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚያቀርበው ባለ ሁለት ግልባጭ ግራፍ ነው።

ተፎካካሪ አጋጅ፣ ተማሪዎች ኮምፔቲቲቭ የሚሉት፣ አክቲቭ ሳይቱን ራሱን ይይዛል። በመጻሕፍት ዘወትር የሚጠቀሰው ማሎኔት ነው። ሰክሲኔት ዲሃይድሮጂኔዝ የተባለው የማይቶኮንድሪያ ኢንዛይም ሰክሲኔትን ወደ ፉማሬት ይለውጣል። ለዚህም ጎን ለጎን ካሉ ሁለት ካርቦኖች ላይ ሃይድሮጂን ያነሣል። ማሎኔትም እንደ ሰክሲኔት በሁለቱም ጫፎቹ ካርቦክሲል ስላለው በአክቲቭ ሳይቱ ላይ በቀላሉ ይቀመጣል። ነገር ግን በመካከሉ ያለው ካርቦን አንድ ብቻ ስለሆነ ኢንዛይሙ ሃይድሮጂኑን የሚያነሣበት ጥንድ አያገኝም። ማሎኔት ሳይለወጥ ቦታውን ይዞ ይቆያል፤ ሲለቅም ቦታው ቀድሞ ለደረሰው ይሆናል። ስለዚህ ሰክሲኔቱ በብዛት ከተጨመረ ቦታውን የሚያገኘው እሱ ነው።

ተፎካካሪ ያልሆነ፣ ማለትም ነንኮምፔቲቲቭ አጋጅ፣ ከአክቲቭ ሳይቱ ውጭ በሌላ ቦታ ይጣበቃል። ሰብስትሬቱ በቦታው ቢኖርም ባይኖርም አጋጁ የሚጣበቀው በእኩል ጥንካሬ ነው። የተጣበቀበት ኢንዛይም ሰብስትሬቱን ሊይዝ ይችላል፣ ሊለውጠው ግን አይችልም። ሰብስትሬት በመጨመር አጋጁን ማስለቀቅ አይቻልም፤ ሁለቱ የሚሻሙበት ቦታ የለምና።

ይህን ልዩነት በቁጥር ለመያዝ ሁለት መጠኖች ያስፈልጋሉ። የመጀመሪያው Vmax ነው፤ ሁሉም የኢንዛይም ሞለኪውሎች በሰብስትሬት ተይዘው ሲሠሩ የሚደረስበት ከፍተኛ ፍጥነት ማለት ነው። ሁለተኛው Km ሲሆን ፍጥነቱ የVmax ግማሽ ላይ እንዲደርስ የሚያስፈልገው የሰብስትሬት መጠን ነው። በ1913 በርሊን ውስጥ ሌኦኖር ሚካኤሊስና ሞድ ሜንተን ሱክሮዝን በሚሰብረው ኢንዛይም ላይ ያደረጉትን ጥናት ካሳተሙ ወዲህ ሁለቱን መጠኖች የሚያያይዘው ቀመር በእነርሱ ስም ይጠራል።

ችግሩ ፍጥነትን ከሰብስትሬት መጠን ጋር የሚያሳየው ግራፍ ጎባጣ መሆኑ ነው። መስመሩ ወደ Vmax እየተጠጋ ይሄዳል እንጂ በቀላሉ አይደርስበትም። የVmaxን 95 በመቶ ለማግኘት እንኳ የሰብስትሬቱ መጠን የKmን 19 እጥፍ መሆን አለበት። ሀንስ ላይንዊቨርና ዲን በርክ በ1934 ያቀረቡት መፍትሔ የቀመሩን ሁለቱንም ጎኖች መገልበጥ ነበር፦

```
1/v = (Km/Vmax) × (1/[S]) + 1/Vmax
```

በዚህ መልኩ ሲጻፍ ጎባጣው መስመር ቀጥ ይላል። በአግድሙ አክሲስ ላይ 1/[S]፣ በቁሙ አክሲስ ላይ ደግሞ 1/v ይቀመጣል። መስመሩ ቁሙን አክሲስ የሚቆርጥበት ነጥብ 1/Vmax ነው። ወደ ግራ ተዘርግቶ አግድሙን አክሲስ የሚቆርጥበት ነጥብ ደግሞ -1/Km ነው። ስሎፑ Km/Vmax ይሆናል።

የጥያቄው ቁልፍ ያለው ቁሙ አክሲስ ላይ ነው። በዚያ አክሲስ ላይ 1/[S] ዜሮ ነው፤ ይህም የሚሆነው የሰብስትሬቱ መጠን ወሰን የለሽ ሲሆን ብቻ ነው። እንግዲህ ቁሙ አክሲስ የሚመልሰው ጥያቄ፣ ሰብስትሬቱ ያለ ልክ ቢጨመር የአጋጁ ተጽእኖ ይጠፋል ወይ የሚለው ነው። ተፎካካሪ አጋጅ በዚያ ጊዜ ተጽእኖ አይኖረውም፤ አጋጅ ያለበትና የሌለበት መስመር ቁሙ አክሲስ ላይ ይገናኛሉ። ተፎካካሪ ያልሆነው ግን በዚያም ይቀጥላልና መስመሩ አክሲሱን ከፍ ባለ ነጥብ ላይ ይቆርጣል።

አንድ የፈተና ጥያቄ የሚከተለውን መረጃ ያቀርባል እንበል። [S] በሚሊሞላር፣ ፍጥነቶቹ ደግሞ በደቂቃ በማይክሮሞል ተለክተዋል። አጋጅ ሀ እና አጋጅ ለ ለየብቻቸው፣ እያንዳንዳቸው በ5 ሚሊሞላር መጠን ተሞክረዋል።

| [S] | ያለ አጋጅ | ከአጋጅ ሀ ጋር | ከአጋጅ ለ ጋር |
|---|---|---|---|
| 1 | 20 | 12 | 10 |
| 2 | 30 | 20 | 15 |
| 4 | 40 | 30 | 20 |
| 10 | 50 | 42.9 | 25 |

የመጀመሪያው እርምጃ እያንዳንዱን ቁጥር መገልበጥ ነው። 1/[S] በቅደም ተከተል 1፣ 0.5፣ 0.25 እና 0.1 ይሆናል። ያለ አጋጅ 1/v 0.05፣ 0.0333፣ 0.025 እና 0.02 ነው። ከአጋጅ ሀ ጋር 0.0833፣ 0.05፣ 0.0333 እና 0.0233 ይመጣል። ከአጋጅ ለ ጋር ደግሞ 0.1፣ 0.0667፣ 0.05 እና 0.04 ነው።

ሁለተኛው እርምጃ የየመስመሩን ስሎፕ ማግኘት ነው። ያለ አጋጅ 1/[S] ከ0.5 ወደ 1 ሲያድግ 1/v ከ0.0333 ወደ 0.05 ያድጋል፤ ልዩነቱ 0.0167 ለ0.5 ሲካፈል ስሎፑ 0.0333 ይሆናል። በተመሳሳይ ስሌት የአጋጅ ሀ ስሎፕ 0.0667 ነው፤ የአጋጅ ለም እንዲሁ 0.0667 ነው። ሁለቱም አጋጆች ስሎፑን በእኩል፣ ሁለት እጥፍ አድርገውታል። መስመሩ ይበልጥ ቀጥ ብሎ ስለወጣ ብቻ አጋጁ ተፎካካሪ ነው ብሎ የሚደመድም ተማሪ እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ስሎፕ ብቻውን ሁለቱን አይለይም።

ሦስተኛው እርምጃ ቁሙ አክሲስ የት እንደሚቆረጥ ማየት ነው። ያለ አጋጅ 1/[S] አንድ በሆነበት ነጥብ 1/v 0.05 ነበር፤ ከዚያ ስሎፑ 0.0333 ሲቀነስ 0.0167 ይቀራል። የዚህ ግልባጭ 60 ስለሆነ Vmax በደቂቃ 60 ማይክሮሞል ነው። ለአጋጅ ሀ ከ0.0833 ላይ 0.0667 ሲቀነስ ወደ 0.0167 ይመጣል፤ Vmax አልተለወጠም። ለአጋጅ ለ ከ0.1 ላይ 0.0667 ሲቀነስ 0.0333 ይቀራል፤ Vmax ወደ 30 ወርዷል።

አራተኛው እርምጃ Kmን ማስላት ነው፤ ስሎፑን በVmax ማባዛት ይበቃል። ያለ አጋጅ 0.0333 በ60 ሲባዛ 2 ሚሊሞላር ይሆናል። በአጋጅ ሀ 0.0667 በ60 ሲባዛ 4 ሚሊሞላር፣ በአጋጅ ለ ደግሞ 0.0667 በ30 ሲባዛ ተመልሶ 2 ሚሊሞላር ነው። በግራፉ ላይ የአጋጅ ሀ መስመር አግድሙን አክሲስ የሚቆርጥበት ነጥብ ከ-0.5 ወደ -0.25 ይመጣል፤ የአጋጅ ለ ግን እዚያው -0.5 ላይ ይቀራል።

መልሱ ግልጽ ነው። አጋጅ ሀ Vmaxን ሳይነካ Kmን ስላሳደገ ተፎካካሪ ነው። አጋጅ ለ Kmን ሳይነካ Vmaxን ስለቀነሰ ተፎካካሪ ያልሆነ ነው። ያው ነገር ከሠንጠረዡም ይታያል። [S] 1 ሲሆን አጋጅ ሀ ፍጥነቱን በ40 በመቶ ቀንሶት ነበር፤ [S] 10 ሲደርስ ግን ቅነሳው 14 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። አጋጅ ለ በሁሉም ረድፍ ፍጥነቱን በትክክል ግማሽ አድርጎታል። ተፎካካሪ ያልሆነ አጋጅ Kmን የማይለውጠውም ለዚህ ነው፤ ከኢንዛይም ሞለኪውሎቹ የተወሰነውን ክፍል ከሥራ ውጭ ያደርጋል፣ የቀሩት ግን ሰብስትሬቱን እንደ ቀድሞው ይይዛሉ።

ግራፉን ሲያነቡ በብዛት የሚሠራው ስሕተት ግልባጩን መርሳት ነው። መስመሩ ቁሙን አክሲስ ከፍ ብሎ ሲቆርጥ Vmax የጨመረ ይመስላል፤ ነገር ግን የተጻፈው 1/Vmax ስለሆነ ከፍ ማለቱ የVmaxን መቀነስ ያሳያል። በአግድሙ አክሲስ ላይም ነጥቡ ወደ ዜሮ ሲጠጋ Km ያድጋል እንጂ አይቀንስም።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የልኬት ስሕተትን ይመለከታል። መለኪያው በሁለት ማይክሮሞል ቢሳሳት፣ 50 የነበረው ፍጥነት 48 ወይም 52 ተብሎ ይነበባል፤ ግልባጩ ከ0.0208 እስከ 0.0192 ድረስ ብቻ ይዋዥቃል። ፍጥነቱ 10 ሆኖ በዚያው መጠን ቢሳሳት ግን ግልባጩ ከ0.125 እስከ 0.083 ይሰፋል። እነዚህ ትንንሽ ፍጥነቶች በግራፉ ቀኝ ጫፍ ላይ ስለሚቀመጡ መስመሩን ወደ ራሳቸው ይጎትቱታል። ስለዚህ በቤተ ሙከራ የዛሬ ተመራማሪዎች Kmንና Vmaxን የሚያሰሉት ያልተገለበጠውን መረጃ በኮምፒውተር ከጎባጣው ቀመር ጋር በማዛመድ ሲሆን፣ ባለ ሁለት ግልባጩን ግራፍ የእገዳውን ዓይነት ለማሳየት ያስቀሩታል።

መስመሮቹ ከሁለቱ መልሶች በአንዱም የማይገጥሙበት ጊዜ አለ። መገናኛቸው ከቁሙ አክሲስ በስተግራ ሆኖ ከአግድሙ አክሲስ በላይ ወይም በታች ከዋለ እገዳው ድብልቅ ነው፤ አጋጁ ባዶውን ኢንዛይምና ሰብስትሬት የያዘውን የሚይዘው በተለያየ ጥንካሬ ነው ማለት ነው። ንጹሕ ተፎካካሪ ያልሆነ እገዳ ሁለቱ ጥንካሬዎች እኩል የሚሆኑበት የድብልቅ እገዳ ልዩ ሁኔታ ስለሆነ በተግባር ብዙ አያጋጥምም። አጋጅ ያለበትና የሌለበት መስመር ጎን ለጎን ሳይገናኙ ከሄዱ ደግሞ አጋጁ የሚጣበቀው ሰብስትሬት በያዘው ኢንዛይም ላይ ብቻ ነው፤ ይህ አንኮምፔቲቲቭ ይባላል።

ግራፉ ብቻውን የማይለየው አንድ ሁኔታም አለ። ከኢንዛይሙ ጋር በማይፈታ ትስስር የሚያያዝ ንጥረ ነገር የተወሰኑ ሞለኪውሎችን ለዘለቄታው ያጠፋል፤ የተረፉት ግን በቀድሞው Km ይሠራሉ። ይህ Vmaxን ቀንሶ Kmን ሳይነካ ስለሚተው ውጤቱ ከአጋጅ ለ መስመር ጋር አንድ ይሆናል። የሚለየው በሌላ ሙከራ ነው፤ ድብልቁ በዲያሊሲስ ሲታጠብ ተፎካካሪ ያልሆነው አጋጅ ለቅቆ ይወጣና ፍጥነቱ ይመለሳል፣ በማይፈታ ትስስር የተያዘው ኢንዛይም ግን ሥራውን አይጀምርም። ግራፉ እገዳው የሚመለስ መሆኑን አስቀድሞ እንደታወቀ ይቆጥራል፤ ጥያቄው ይህን ከጠቀሰ በኋላ ነው የመስመሮቹ መገናኛ አጋጁን ለይቶ የሚናገረው።