በብር ያለቀ፣ በዶላር የተረፈ በጀት

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲፈቅድ፣ 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በዚያው ዕለት 74 ብር ገደማ ገባ፤ ሳምንታት ሳይቆይም መቶ ብርን አለፈ። ያን ሰሞን ስለ ዘይትና ስለ መድኃኒት ዋጋ ብዙ ተወርቷል። ከውጭ ለጋሾች ገንዘብ እየተቀበሉ ለሚሠሩ ድርጅቶች ሂሳብ ሠራተኞች ግን ሌላ እንቆቅልሽ ይዞባቸው ነበር የመጣው።

እንቆቅልሹን ለመረዳት ለጋሽ ገንዘብ እንዴት እንደሚሰጥ ማወቅ ያስፈልጋል። ከውሉ ጋር በጀት ተያይዞ ይፈረማል። በጀቱ በመደብ በመደብ የተከፋፈለ ነው፤ ደመወዝ ለብቻው፣ ሥልጠና ለብቻው፣ ዕቃ ግዥ ለብቻው፣ የቢሮ ወጪ ለብቻው ይቀመጣል። እያንዳንዱ መደብ የራሱ መለያ ቁጥር አለው። ድርጅቱ በየሩብ ዓመቱ ወይም በየመንፈቁ ሪፖርት ሲልክ በእያንዳንዱ መደብ ምን ያህል እንደተፈቀደ፣ ምን ያህል እንደወጣ፣ ምን እንደቀረና ልዩነቱ ከምን እንደመጣ ያሳያል። ሪፖርቱ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ በለጋሹ ገንዘብ ነው። ወጪው ደግሞ በብር ነው። ጣጣው ያለው እዚህ ላይ ነው።

አንድ የውኃ ፕሮጀክት ያለው ትንሽ ድርጅት እናስብ። ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር 2024 ለሚሠራ ሥራ 50,000 ዶላር ተፈቀደለት። በጀቱ ሲዘጋጅ አንዱ ዶላር በ56 ብር ተሰላ። ገንዘቡ በሁለት ዙር መጣ፤ ግማሹ በጃንዋሪ በ56 ብር፣ ግማሹ በሴፕቴምበር በ110 ብር ተመነዘረ። የመጀመሪያው ዙር ኦገስት መጨረሻ ላይ አለቀ እንበል።

ደመወዙን እንይ። ለዚህ መደብ የተያዘው 15,000 ዶላር፣ ማለትም 840,000 ብር ነው። አሠሪው የሚከፍለውን 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ ጨምሮ በወር 70,000 ብር ይወጣል (ይህን መዋጮ በጀት ውስጥ መርሳት የተለመደ ስሕተት ነው)። እስከ ኦገስት በስምንት ወር የተከፈለው 560,000 ብር፣ በ56 ሲካፈል 10,000 ዶላር ይሆናል። የቀሩት አራት ወራት 280,000 ብር ግን በ110 ሲካፈል 2,545 ዶላር ብቻ ነው። ሠራተኛው ሁሉ ሙሉ ደመወዙን አግኝቷል፤ በብር በጀቱ ሳንቲም ሳይተርፍ አልቋል። በዶላር ሪፖርቱ ላይ ግን 2,455 ዶላር ሥራ ላይ ያልዋለ ሆኖ ይታያል።

ዕቃ ግዥው ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ለቧንቧና ለፓምፕ 10,000 ዶላር ተይዟል፤ በብር 560,000። ኦክቶበር ላይ ነጋዴው የጠየቀው ዋጋ 900,000 ብር ሆነ። በብር የተያዘውን ሰንጠረዥ የሚያይ ሥራ አስኪያጅ መደቡ በ340,000 ብር ይበልጣል ብሎ ግዥውን ያስቆማል። ሂሳቡ በዶላር ሲሠራ ግን 900,000 ብር 8,182 ዶላር ነው፤ ከተፈቀደው በታች። ግዥውን ያስቆመው ሰው የገንዘብ ጠባቂ መስሎት መንደሩን ያለ ውኃ ያስቀራል፤ በዓመቱ መጨረሻ ደግሞ ያልተሠራበትን ዶላር ለመመለስ ይገደዳል። ብዙ ውሎች ያልወጣው ገንዘብ ይመለስ ስለሚሉ ነው።

ታዲያ በየትኛው ምንዛሪ ይሰላ? ይህ የሂሳብ ሠራተኛው ምርጫ አይደለም፤ ውሉ ነው የሚወስነው። ከላይ እንዳደረግነው ቀድሞ የገባው ገንዘብ ቀድሞ እንደወጣ ተቆጥሮ ሊሰላ ይችላል። የሁለቱን ዙር አማካይ ውሰዱ የሚል ለጋሽም አለ። በአማካይ ቢሆን ድርጅቱ ያገኘው 4,150,000 ብር ለ50,000 ዶላር ሲካፈል 83 ብር ይመጣል፤ ያው የዓመቱ ደመወዝ 10,120 ዶላር ብቻ ይሆናል። በአንዱ ስሌት 12,545፣ በሌላው 10,120። ሁለቱም ሐሰት አይደሉም። ሐሰት የሚሆነው በመጀመሪያው መንፈቅ በአንዱ፣ በሁለተኛው በሌላው ማስላት ነው። ኦዲተር ቶሎ የሚይዘውም ይህንን ነው።

ሥራው የሚቀለው እያንዳንዱ ክፍያ ሲመዘገብ ምንዛሪውም አብሮ ከተመዘገበ ነው። በኤክሴል መዝገብ ላይ ቀኑ፣ የክፍያ ማዘዣ ቁጥሩ፣ የበጀት መደቡ መለያ፣ የብሩ መጠን፣ ምንዛሪውና የዶላሩ መጠን በአንድ ረድፍ ይቀመጡ። መለያው ሦስተኛው ዓምድ፣ ዶላሩ ስድስተኛው ላይ ካሉ፣ የእያንዳንዱን መደብ ወጪ የሚደምረው ቀመር ይህ ነው፦

```
=SUMIFS(Ledger!F:F,Ledger!C:C,$A5)
```

መለያ ያልተጻፈበት ክፍያ በየትኛውም መደብ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ የመደቦቹ ድምር ከመዝገቡ ጠቅላላ ድምር ካነሰ፣ የጎደለው መለያ አጥቶ የቀረ ወይም መለያው ተሳስቶ የተጻፈ ማዘዣ ነው ማለት ነው። ይህን በየወሩ ማየት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። በዓመቱ መጨረሻ ግን ሳጥን ሙሉ ወረቀት ማገላበጥ ይሆናል።

መዝገቡ ትክክል ሆኖ ሪፖርቱ የሚሳሳትበት መንገድም አለ። ለመስክ ሥራ በቅድሚያ የተሰጠ ገንዘብ እስኪወራረድ ድረስ ተሰብሳቢ እንጂ ወጪ አይደለም። ለሥልጠና 200,000 ብር ይዞ የወጣ ባለሙያ ደረሰኙንና ሠልጣኞች አበል የፈረሙበትን ዝርዝር ካላመጣ፣ ሥልጠናው ቢካሄድም በዚያ ሩብ ዓመት ሪፖርት አይደረግም። ቀኑም ያሳስታል። የለጋሹ ሩብ ዓመት ማርች 31 ከተዘጋ፣ በእኛ መጋቢት 22 ነው። መጋቢት 24 የተቆረጠ ደረሰኝ «ያው የመጋቢት ነው» ተብሎ ሲገባ የሚቀጥለው ሩብ ዓመት ወጪ ወደዚህኛው ተሻገረ ማለት ነው።

ወደ ተረፈው ዶላር እንመለስ። ከመደብ ወደ መደብ ማዛወር በብዙ ውሎች ገደብ አለው፤ 10 በመቶ የተለመደ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የውጭ ዕርዳታ ውሎች ደግሞ በዋና ዋና መደቦች መካከል እስከ 25 በመቶ ለውጥ ያለ ውል ማሻሻያ ይፈቅዳሉ። በምሳሌያችን የደመወዙ ትርፍ ከመደቡ 16 በመቶ በላይ ስለሆነ ገደቡ 10 በመቶ የሆነበት ድርጅት ለሌላ ሥራ ከማዋሉ በፊት የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ፈቃዱ የሚጠየቀው ፕሮጀክቱ ሳያልቅ ነው። ምንዛሪው የተለወጠው ሐምሌ ላይ ከሆነ፣ ነሐሴ ላይ ደብዳቤ የጻፈ ድርጅት ተጨማሪ የውኃ ቦኖ ሊገነባበት ወይም ጊዜ ሊያስረዝም ይችላል። ዲሴምበር 31 ካለፈ በኋላ የሚጻፍ ማብራሪያ፣ ምክንያቱ የቱንም ያህል እውነት ቢሆን፣ ገንዘቡ ለምን እንደሚመለስ ከመግለጽ አያልፍም።

የእንዲህ ዓይነት ድርጅት የቦርድ አባል የሆናችሁ አንባብያን፣ በሚቀጥለው ስብሰባ የበጀትና ወጪ ማነጻጸሪያው በብርም በለጋሹ ገንዘብም ጎን ለጎን ተሠርቶ ይቅረብልን በሉ። አንዱን ብቻ አይታችሁ ግዥ አታስቁሙ፤ አታጽድቁም።