ወሬ ለሚያስተላልፉት ጋሼ የሚጻፍ መልስ

በእድሩ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ከምሽቱ አራት ሰዓት «የቧንቧ ውሃው ተመርዟል፣ እንዳትጠጡ! ለሁሉም አድርሱ» የሚል መልእክት ገባ እንበል። ላኪው ያልተጣራ ወሬ ማስተላለፍ የለመዱ አንድ ጋሼ ናቸው። አድሚኑ «ውሸት አታሰራጩ» ብሎ በሰው ፊት ቢመልስ የውሃው ነገር ይረሳና ጠቡ ይቀራል። ሰውዬው ደግሞ አልዋሹም፤ ያመኑትን ነው ያስተላለፉት።

ስለዚህ ለግሩፑ የሚጻፈው ስለ መልእክቱ እንጂ ስለ ላኪው አይሁን፦

«ስለ ውሃው የተላከው መልእክት ቀን፣ ሰፈርም ሆነ ምንጭ የለውም። እስኪጣራ ለሌላ አናስተላልፈው። ጠዋት ውሃና ፍሳሽ ደውዬ የሚሉኝን እዚሁ እጽፋለሁ።»

«ሐሰት ነው» አለማለቱን ልብ ይበሉ። አድሚኑም ገና አላጣራማ! ጠዋት እጽፋለሁ ካለ ግን መጻፍ አለበት፤ ያለዚያ ሁለተኛ የሚሰማው የለም።

ለጋሼ ደግሞ በውስጥ መስመር፦

«ጋሼ፣ እንደምን አመሹ? ለሰፈሩ አስበው እንደላኩት አውቃለሁ። ምንጩን ስላላገኘሁት መልእክቱን ከግሩፑ አንሥቼዋለሁ፤ ቅር እንዳይልዎት። ወደፊት እንዲህ ያለ ሲደርስዎት አስቀድመው ለእኔ ይላኩልኝ፣ አብረን እናጣራው።»

በ2012 ዓ.ም. የወጣውን የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ በዚህ መልስ ውስጥ መጥቀስ ማስፈራራት ይመስላል። ተነግሯቸውም ከቀጠሉ የመጻፍ ፈቃዳቸውን ለጥቂት ቀን መዝጋት ይቻላል፤ ከመዝጋቱ በፊት ግን ስልክ ይደወልላቸው።