ለ10 ፈተና 15 ቀጠሮ

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ድርጅት የሒሳብ ክፍል የምትሠራ ወጣት እናስብ። በአካውንቲንግ ዲግሪ አላት፤ በ5 ዓመት ውስጥ ኤሲሲኤ የተባለውን ዓለም አቀፍ የሒሳብ ባለሙያነት ማረጋገጫ መያዝ ትፈልጋለች። በነባሩ ሥርዓት ፈተናዎቹ 13 ናቸው። የመጀመሪያዎቹ 3 በዲግሪዋ ተይዘውላታል እንበል። 6 መካከለኛና 4 ከፍተኛ፣ በድምሩ 10 ይቀሯታል።

ፈተናው በዓመት 4 ጊዜ፣ በኅዳር፣ በየካቲት፣ በግንቦትና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ ይሰጣል። በየዙሩ አንድ ብትወስድ በ2 ዓመት ተኩል ትጨርስ ነበር። ነገር ግን መሥሪያ ቤቷ ሒሳቡን የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። ከዚያ በኋላ የንብረት ቆጠራው፣ የባንክ ሒሳብ ማስታረቁና የኦዲተሮቹ ጥያቄ ነሐሴንም ይዞ ይሄዳል፤ ማታ 2 ሰዓት ከቢሮ የወጣ ሰው መጽሐፍ ለመግለጥ አቅም የለውም። ስለዚህ የነሐሴውን ዙር ከእቅዷ ትሰርዘዋለች። በዓመት 3፣ በ5 ዓመት 15 ቀጠሮ ይቀራታል።

ለ10 ፈተና 15 ቀጠሮ ማለት 5 ባዶ ቦታ ማለት ነው። እቅዱን የሚያቆመው ይህ ባዶ ቦታ ነው። ማለፊያው 50 ስለሆነ በ47 የወደቀ ፈተና አንድ ቀጠሮ ይበላል፤ የእናት ሕመም ሌላ ይበላል። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ስለሚታሰብ፣ በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ እንደታየው፣ ያጠራቀመችው ብር በድንገት ላይበቃት ይችላል። 10 ቀጠሮ ብቻ ብትይዝ ኖሮ አንዱ ድንገተኛ ነገር መላውን እቅድ ያፈርሰው ነበር።

ምዕራፎቹም ከዚሁ ስሌት ይወጣሉ። በ3ኛው ዓመት መጨረሻ 6ቱ መካከለኛ ፈተናዎች፣ በ5ኛው መጨረሻ 4ቱ ከፍተኛ ማለቅ አለባቸው። የማስጠንቀቂያው መስመር 2ኛው ዓመት ላይ ነው፦ እስከዚያ 4 ካላለፈች ወይ የአጠናን ዘዴዋን ትቀይራለች፣ ወይ መድረሻውን ወደ 6 ዓመት ትገፋለች። ይህን ውሳኔ ዛሬ፣ ልቧ ሳይሰበር፣ ጽፋ ማስቀመጧ ያኔ ከራሷ ጋር ከመሟገት ያድናታል።

ግምገማው ውጤት በወጣ ቁጥር፣ ከፈተናው 6 ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ ይደረጋል። ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦ ስንት አለፍኩ? ስንት ባዶ ቦታ ቀረኝ? የሥራ ልምዴ ተመዝግቧል?

ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነው። ማረጋገጫው 36 ወር የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ የሠራችውንም ብቁ የሒሳብ ባለሙያ ሊያረጋግጥላት ይገባል። አለቃዋ ሥራ ከለቀቀ በኋላ ፊርማ ፍለጋ መንከራተት አድካሚ ነው። የተሻለ ደመወዝ ያለው ሥራ ቢመጣላት እንኳ ከመሄዷ በፊት ሁለት ነገር ትጨርስ፦ የእስካሁኑን ታስፈርም፤ በአዲሱ ቤት ማን እንደሚፈርምላት ትጠይቅ።