በውሸት የተገኘ እሺታ

እ.ኤ.አ. በ1932 የአሜሪካ መንግሥት የሕዝብ ጤና አገልግሎት ሐኪሞች አላባማ ግዛት ውስጥ ሜከን ወደተባለ አካባቢ ሄዱ። የሚፈልጉት ጥቁር ወንዶችን ነበር። አብዛኞቹ በሰው መሬት ላይ ጥጥ የሚያመርቱ ድሃ ጭሰኞች ናቸው። ከመካከላቸው ቂጥኝ ያለባቸውን 399 ሰዎች፣ ለማነጻጸሪያ ደግሞ በሽታው የሌለባቸውን 201 ሰዎች መረጡ። ዓላማቸው ቂጥኝ ሳይታከም ሲቀር ሰውን እስከ ሞት ድረስ ምን እንደሚያደርገው መከታተል ነበር። ለሰዎቹ ግን «መጥፎ ደም» እንዳለባቸው ነገሯቸው። በአካባቢው ይህ አባባል ከደም ማነስ እስከ ድካም ድረስ ለብዙ ሕመም የሚውል ነው። እንደሚታከሙም አመኑ።

አንድም ሰው በጉልበት አልተጎተተም። ሁሉም በእግራቸው መጡ፤ ሐኪም በማግኘታቸውም ደስ አላቸው። የተስኪጊ ጥናት የሚባለውን ይህን ታሪክ ያነሳሁትም ለዚህ ነው። እሺ ያለ ሰው ሁሉ ፈቅዷል ብለን ካመንን፣ እዚህ የተፈጸመውን በደል ልናየው አንችልም።

ሐኪሞቹ በሽታው ነርቭ ላይ መድረሱን ለማወቅ ከሰዎቹ አከርካሪ ፈሳሽ መቅዳት ነበረባቸው። መርፌው ያማል፤ ከዚያም በኋላ ለቀናት የሚቆይ ከባድ ራስ ምታት ሊያመጣ ይችላል። ሰዎቹ እንዳይቀሩ የተላከላቸው ደብዳቤ ግን ልዩ ነጻ ሕክምና ለማግኘት የመጨረሻው ዕድል እንደሆነ ይገልጽ ነበር። በመርፌው የሚሰጥ ሕክምና አልነበረም። ጀርባውን የሰጠው ገበሬ የፈቀደው ለመታከም ነው። ለጥናት መጠኛ ለመሆን ፈቃዱን የጠየቀው ሰው የለም፤ ስለዚህ ያልተጠየቀውን ሊፈቅድም አይችልም። ማታለል የሰውን ፈቃድ ይዘለዋል ብቻ ሳይሆን፣ የገዛ ውሳኔውን እሱኑ መጉጃ ያደርገዋል።

ግፊቱ ከማታለሉ ይልቅ ረቂቅ ነበር። ሰዎቹን የሚያመላልስ መኪና፣ በምርመራ ቀን ትኩስ ምሳ፣ ከሞት በኋላ ደግሞ የቀብር ወጪ ተዘጋጀላቸው። ለቀብሩ ክፍያ ቤተሰቡ አስከሬኑ እንዲመረመር መፍቀድ ነበረበት። እድር የሌለው ድሃ ሰው ለቀብሩ ምን ያህል እንደሚጨነቅ ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ከዚህ ላይ የሚያምኗት ጥቁር ነርስ፣ ዩኒስ ሪቨርስ፣ ዓመታቱን ሁሉ ትከታተላቸው ነበር።

ለተሳታፊ ገንዘብ ወይም ምሳ መስጠት በራሱ ግፊት አይደለም። ቀኑን ያጠፋ ሰው ቢካስ ተገቢ ነው። ልዩነቱ የሚታወቀው «ይህ ሰው እምቢ ቢል ምን ያጣል?» ብሎ በመጠየቅ ነው። እምቢታው የሚያሳጣው በአካባቢው ያለውን ብቸኛ ሐኪም ከሆነ፣ ወይም የቀረበለት ነገር አደጋውን እንዳያመዛዝን የሚያደርግ ከሆነ፣ ማንም ባያስፈራራውም ምርጫው ነጻ አይደለም።

በ1940ዎቹ ፔኒሲሊን ቂጥኝን እንደሚያድን ታወቀ። ፈቃድ አንዴ ተሰጥቶ የሚታሸግ ነገር አይደለም፤ ሁኔታው ሲለወጥ ሰውየው እንደገና መጠየቅ አለበት። ቢያንስ ያን ጊዜ እውነቱ ሊነገራቸው ይገባ ነበር። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። በጦርነቱ ዘመን ለውትድርና የሚመለመል ሰው ቂጥኝ ከተገኘበት እንዲታከም ይታዘዝ ስለነበር፣ ተመራማሪዎቹ የሰዎቻቸውን ስም ለምልመላ ቦርዱ ሰጥተው ከሕክምናው ትእዛዝ እንዲቀሩ አደረጉ። በሽታው ወደ ሚስቶችም ተላለፈ።

ጥናቱ 40 ዓመት ቆየ። የቆመው ፒተር በክስተን የተባለ የጤና አገልግሎቱ የቀድሞ ሠራተኛ መረጃውን አውጥቶ፣ ጋዜጠኛዋ ጂን ሄለር በሐምሌ 1972 ለሕዝብ ካሳወቀች በኋላ ነው። ከዚያ በ1979 የወጣው የቤልሞንት ሪፖርት ለፈቃድ ሦስት ነገሮችን ጠየቀ፤ መረጃው በሙሉ መሰጠቱን፣ ሰውየው መረዳቱን፣ ያለ ግፊት መወሰኑን። እኔ ከሦስቱ በተግባር በብዛት የሚዘለለው ሁለተኛው ይመስለኛል። ወረቀት ላይ ማስፈረም ቀላል ነው፤ መረዳቱን ለማወቅ ግን ሰውየው የተነገረውን በራሱ ቃል መልሶ እንዲናገር መጠየቅና መልሱን በትዕግሥት መስማት ያስፈልጋል።

ለምርምርም ሆነ አስቸኳይ ላልሆነ ቀዶ ሕክምና የፈቃድ ቅጽ ሲቀርብላችሁ፣ የማትረዱት ከሆነ በምታውቁት ቋንቋ እንዲነበብላችሁ አድርጉ። ምን እንደሚደረግባችሁ፣ ጉዳቱ ምን እንደሆነ፣ ሌላ አማራጭ መኖሩን ጠይቁ። እምቢ ብትሉ የተለመደው ሕክምናችሁ እንደሚቀጥልም አረጋግጡ። መልሱ እስኪገባችሁ ድረስ አትፈርሙ።