ገቢ የማይጨምር መሣሪያ ትርፉ የት አለ? የወጪ ቁጠባ ፕሮጀክትን የተጣራ የዛሬ ዋጋ ስለ ማስላት

የዛሬውን ንግግሬን በአንድ ጥያቄ እጀምራለሁ። በዕድሜ ጠና ያሉ አንድ የዳቦ ቤት ባለቤት ወደ ቢሮዬ መጥተው እንዲህ አሉኝ፦ «መምህር፣ አሮጌውን የናፍጣ ምድጃዬን ልቀይር ነው። አዲሱ ግን አንድ ዳቦ እንኳ አይጨምርልኝም። የምሸጠው ያው ነው። ታዲያ ለባንኩ የማሳየው ትርፍ ከየት ይመጣል?» ለብድሩ የሚያስይዙት መኖሪያ ቤታቸውን ነበርና ጥያቄው የዋዛ አልነበረም።

መልሱ በአጭሩ ይህ ነው። የተጣራ የዛሬ ዋጋ የሚለካው ፕሮጀክቱ ባለበትና በሌለበት ሁኔታ መካከል ያለውን የጥሬ ገንዘብ ልዩነት ነው። የዳቦው ሽያጭ በሁለቱም በኩል እኩል ስለሆነ ከስሌቱ ይወጣል። ከኪስ ሳይወጣ የቀረ አንድ ብር ግን ወደ ኪስ ከገባ አንድ ብር አይለይም። ስለዚህ የቀረው ወጪ እንደ ገቢ ይቆጠራል። አስቸጋሪው ነገር «በእርግጥ የሚቀረው ወጪ የትኛው ነው?» የሚለው ነው።

የእኒህን ሰው ጉዳይ አብረን እንመልከት። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ አጠጋግቻቸዋለሁ። አዲሱ ምድጃ ከነተከላው 3,000,000 ብር ያወጣል፤ አምስት ዓመትም ያገለግላል ተብሎ ይታሰባል። አሮጌው ዛሬ ቢሸጥ 300,000 ብር ያወጣል፤ በመዝገብ ላይ የቀረው ዋጋም እንዲሁ 300,000 ብር ነው። ሳይሸጥ ከቆየ ግን እየተጠገነ አምስት ዓመት ሠርቶ ዋጋ ቢስ ይሆናል። ስለዚህ ዛሬ በተጣራ የሚወጣው ገንዘብ 2,700,000 ብር ነው። አሮጌው ድሮ የተገዛበት ዋጋ ግን ብንቀይርም ባንቀይርም የማይመለስ ስለሆነ በስሌቱ ውስጥ ቦታ የለውም።

ባለቤቱ በዓመት ይቀርልኛል ያሉትን አምስት ወጪ ጽፈው አመጡ። አንደኛው ናፍጣ ነው። አሮጌው በቀን 60 ሊትር ይፈጃል፤ አዲሱ ሻጩ እንዳለው 40 ሊትር ይበቃዋል። በዓመት 300 የሥራ ቀን፣ ሊትሩ በ120 ብር ሲታሰብ ቁጠባው 720,000 ብር ይሆናል። ሁለተኛው የጥገና ወጪ 180,000 ብር፣ ሦስተኛው እያረረ የሚጣለው ዳቦ ዱቄትና ሌላ ግብዓት 100,000 ብር ነው። አራተኛው የአንድ ሠራተኛ ደመወዝ 120,000 ብር፣ አምስተኛው ደግሞ አዲሱ ምድጃ ጠባብ ቦታ ስለሚይዝ «የሚቀር» የቤት ኪራይ 200,000 ብር ነው። ድምሩ 1,320,000 ብር ነው።

ሠራተኛውን እንደሚያሰናብቱት ጠየቅኋቸው። «ኧረ የለም፤ ወደ ማሸጊያው ይዛወራል እንጂ» አሉ። በማሸጊያው በኩል ሌላ ሰው ለመቅጠር አስበው ቢሆን ኖሮ የዚያ ቅጥር መቅረት ቁጠባ በሆነ ነበር። አላሰቡም፤ ስለዚህ ደመወዙ መከፈሉን ይቀጥላል። ኪራዩም እንደዚሁ ነው። የሒሳብ ሠራተኛው ኪራዩን በስፋት አካፍሎ ለምድጃው ድርሻ ሰጥቶታል እንጂ አከራዩ በባዶው ጥግ ምክንያት የሚቀንሰው ብር የለም። ሁለቱን ስንሰርዝ በእርግጥ የሚቀረው ወጪ 1,000,000 ብር ሆነ።

ቀጥሎ ግብር ይመጣል። ወጪ ሲቀንስ ግብር የሚከፈልበት ትርፍ ያድጋል። በድርጅት ላይ የሚጣለው የንግድ ሥራ ገቢ ግብር 30 በመቶ ስለሆነ ከሚሊዮኑ 700,000 ብር ብቻ በእጅ ይቀራል። በአንጻሩ የእርጅና ቅናሽ ግብርን ይቀንሳል። ለስሌት ቅለት በአምስት ዓመት በእኩል ብናካፍለው አዲሱ በዓመት 600,000 ብር፣ አሮጌው 60,000 ብር ይይዛል። አሮጌው ሲሸጥ የእሱ ቅናሽ ስለሚቀር የምንቆጥረው ልዩነቱን፣ 540,000 ብርን ነው። የዚህ 30 በመቶ 162,000 ብር ነው። የእርጅና ቅናሹ ራሱ ከኪስ የሚወጣ ገንዘብ ስላልሆነ የሚገባው በሚያስቀረው ግብር ልክ ብቻ ነው። እንግዲህ የዓመቱ የተጣራ ፍሰት 862,000 ብር ሆነ።

ባለቤቱ ከብድሩ ወለድና ከራሳቸው ገንዘብ ከሚጠብቁት ጥቅም በመነሣት 18 በመቶን እንደ መመዘኛ ምጣኔ ወስደናል። ወለዱ በዚህ ምጣኔ ውስጥ ስላለ ከዓመታዊው ፍሰት ላይ ዳግመኛ አይቀነስም። በ18 በመቶ ለአምስት ዓመት በየዓመቱ የሚገኝ አንድ ብር ዛሬ 3.127 ብር ያህል ያወጣል። ስለዚህ 862,000 ብሩ ዛሬ 2,695,600 ብር ገደማ ነው፤ ከወጪው በጥቂቱ ያንሳል። አዲሱ ምድጃ በአምስተኛው ዓመት መጨረሻ 500,000 ብር ቢሸጥ የመዝገብ ዋጋው ስላለቀ በሙሉ ግብር ይከፈልበታል። የሚተርፈው 350,000 ብር ዛሬ 153,000 ብር ያህል ነው። የተጣራው የዛሬ ዋጋ ወደ 149,000 ብር ሆነ። ባለቤቱ ባመጡት ዝርዝር፣ ግብርም ሳይታሰብ ቢሰላ ግን 1,430,000 ብር ያህል ይታይ ነበር።

149,000 ብር አዎንታዊ ነውና ይገዛ ልንል እንችላለን። ነገር ግን ይህ ትርፍ በምን ላይ እንደቆመ መጠየቅ ይገባል። ቁጠባውን ወደ ናፍጣ ብንመልሰው ትርፉን በሙሉ ለማጥፋት በቀን ከ2 ሊትር ያነሰ ልዩነት ይበቃል። ማለትም ቁጠባው 20 መሆኑ ቀርቶ 18 ሊትር ከሆነ ፕሮጀክቱ ከኪሳራ ጎን ይወድቃል። የሥራ ቀኑም ከ300 ወደ 200 ቢወርድ የናፍጣው ቁጠባ ሲሶው ይጠፋል፤ ያልተለኮሰ ምድጃ አይቆጥብምና። በሌላ በኩል 18 በመቶው የዋጋ ንረትን ያካተተ ምጣኔ ሆኖ ሳለ ናፍጣውን ለአምስት ዓመት በ120 ብር ማቆማችን ቁጠባውን ዝቅ አድርጎ ያሳያል። ምጣኔውና ዋጋው በአንድ መሥፈርት መታሰብ አለባቸው።

ስለዚህ ያልኋቸው ይህን ነው፦ «ሻጩ የሰጠዎት 40 ሊትር ምድጃው ሞልቶ ያለማቋረጥ ሲሠራ የሚለካ ነው። እርስዎ ጠዋትና ማታ ብቻ ነው የሚለኩሱት። ያንኑ ምድጃ የሚጠቀም ሰው ፈልገው ሁለት ሳምንት ያስለኩ።» አስለኩ፤ ለእርሳቸው ዓይነት ሥራ 43 ሊትር ሆኖ ተገኘ። ቁጠባው 17 ሊትር ሲሆን የተጣራው የዛሬ ዋጋ ከዜሮ በታች 88,000 ብር ያህል ወረደ።

እርሳቸው ግን ግዢውን አልተዉትም። የልኬቱን ወረቀት ይዘው ወደ ሻጩ ሄዱና 150,000 ብር አስቀነሱ። ዋጋው ሲቀንስ የእርጅና ቅናሹም አብሮ ስለሚቀንስ ከዚህ ውስጥ ለእርሳቸው የተረፋቸው 122,000 ብር ያህሉ ነው፤ ስሌቱን ወደ 34,000 ብር አዎንታዊ ለመመለስ ግን በቃ። ብድሩን የፈረሙት ከዚያ በኋላ ነው።