ለሦስት የዕፅዋት ሻዮች ስም ሲወጣ

በሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ የዕፅዋት ሻይ የሚደረደርበትን ጥግ ልብ ብሎ ያየ ሰው ሳጥኖቹ እንደሚመሳሰሉ ይታዘባል። አብዛኞቹ አረንጓዴ ናቸው፤ ቅጠል ተስሎባቸዋል፤ «ተፈጥሯዊ» እና «ጤና» የሚሉት ቃላት በየሳጥኑ ላይ አሉ። የገዛውን ሻይ ስም ይዞ ቤቱ የሚገባ ሰው ግን ጥቂት ነው። በሳምንቱ ተመልሶ «ያን የባለፈውን ስጠኝ» ይላል፤ ባለሱቁ «የቱን?» ሲለው በጣቱ ያመለክታል። ስሙ ሥራውን አልሠራም ማለት ነው።

አንድ አምራች አንድ ሻይ ብቻ ሲያቀርብ ይህን ችግር እንደምንም ይወጣዋል። ሦስት አንድ ላይ ሲያወጣ ግን ስሞቹ ከሌላው ነጋዴ ዕቃ ብቻ ሳይሆን እርስ በርሳቸውም መለየት አለባቸው፤ ያም ሆኖ የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸው መታወቅ አለበት። ነገሩን ከሐሳብ አውርደን በእጅ የሚያዝ ለማድረግ ሦስት ዕፅዋት እንውሰድና ስም እናውጣላቸው። አንዱ በባሌና በመንዝ ደጋ የሚበቅለው ጦስኝ ነው። ሁለተኛው ከርከዴ፣ ማለትም አበባው ከረገፈ በኋላ ተለቅሞ የሚደርቀው ቀይ ሽፋን ነው፤ በሱዳን ድንበር በኩል ባለው ቆላ በደንብ ይታወቃል። ሦስተኛው በየጓሮው የሚተከለው ጠጅ ሳር ነው፤ ብዙዎች የሎሚ ሳር ይሉታል። በሦስቱም ውስጥ ሻይ ቅጠል የለም እንበል፤ ይህ ወደ ኋላ ላይ ይፈለጋል።

መጀመሪያ ወደ አፍ የሚመጣው «ጦስኝ ሻይ»፣ «ከርከዴ ሻይ»፣ «ጠጅ ሳር ሻይ» ማለት ነው። ግልጽ ነው፤ ገዢውም አይሳሳትም። ችግሩ እነዚህ ስሞች የማንም መሆን አለመቻላቸው ነው። የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 የዕቃውን ዓይነትና ባሕርይ ብቻ የሚገልጽ ቃል የአንድ ነጋዴ መለያ ሆኖ እንዲመዘገብ አይፈቅድም። ትክክልም ነው፤ «ጦስኝ» የሚለውን ቃል አንዱ ይዞ ሌላውን ቢከለክል ጦስኝ የሚሸጥ ሁሉ አፉ ተለጎመ ማለት ነው። ይህ ክርክር ለአገራችን አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 ኢትዮጵያ ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ ለማስመዝገብ ስታመለክት በሐረርና በሲዳሞ ላይ የተነሣው ተቃውሞ ይኸው ነበር፦ ቃላቱ የቡና ዓይነት መጠሪያ ሆነዋል፣ የማንም መለያ ሊሆኑ አይችሉም ተባለ። ከስታርባክስ ጋር የነበረው ውዝግብ በስምምነት ያለቀው በ2007 ነው። አንድ መንግሥት ያን ያህል የደከመበትን ነገር አንድ አነስተኛ አምራች በጦስኝ ላይ ይሞክረው ማለት ከንቱ ወጪ ነው። ስለዚህ የተክሉ ስም በሳጥኑ ላይ ይኑር፤ የምርቱ ስም ግን እሱ አይሁን።

ቀጥሎ የሚመጣውን ሐሳብ እኔ በጣም ወድጄው ነበር። ጦስኙ ከደጋ፣ ጠጅ ሳሩ ከወይና ደጋ፣ ከርከዴው ከቆላ ስለሆነ «ደጋ»፣ «ወይና ደጋ»፣ «ቆላ» ብንላቸውስ? ሦስቱ ቃላት አብረው የኖሩ ናቸው፤ አንዱን የሰማ ሁለቱን ራሱ ይጨምራል። በወረቀት ላይ ያምራል። ሱቅ ሲገባ ግን ይፈርሳል። ጩኸት ባለበት «ወይና ደጋ ስጠኝ» የሚለውን ባለሱቅ መጨረሻውን ብቻ ሰምቶ «ደጋ» ያነሣል። ገዢው ቤቱ ገብቶ ሲከፍተው ያልፈለገው ሻይ ነው። ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም፤ ስሞቹን በስልክ፣ መኪና በሚያልፍበት መንገድ ዳር ቆሞ ለአንድ ሰው አንብቦ የሰማውን መልሶ እንዲጽፍ ማድረግ ይበቃል። በዚያ ላይ «ደጋ» ዕቃው የመጣበትን ቦታ የሚናገር ቃል ስለሆነ ምዝገባው ላይም ደካማ ነው።

ከዚህ የተሻለውን መንገድ ያሳየው አንድ የአሜሪካ ኩባንያ ነው። በኮሎራዶ ግዛት፣ በቦልደር ከተማ እ.ኤ.አ. በ1969 የተጀመረው ሰለስቲያል ሲዝኒንግስ መጀመሪያ ያወጣው ሻይ በመሥራቹ በሞ ሲግል ስም «የሞ ባለ 36 ዕፅ ሻይ» የሚባል ነበር። ስሙ ይዘቱን ይቆጥራል እንጂ ለጠጪው የሚነግረው ነገር የለም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ካሞሚልና ናና ከጠጅ ሳር ጋር የተቀላቀለበትን ሻይ «ስሊፒታይም»፣ የእንቅልፍ ሰዓት፣ አሉት። በስሙ ውስጥ አንድም ተክል የለም። ሳጥኑን የሚያነሣ ሰው ግን መቼ እንደሚጠጣው ወዲያው ያውቃል፤ ማታ ማታም ሰዓቱ ራሱ ያስታውሰዋል። ያ ስም ዛሬም ገበያ ላይ አለ።

እኛም በሰዓት እንሂድ። ጦስኝ ከቁርስ ጋር ይሄዳል፣ ስለዚህ «ማለዳ»። ከርከዴ ቀዝቅዞ ስለሚጠጣ ፀሐይ ለበረታችበት ሰዓት ይስማማል። «ቀትር» የሚለው ቃል ተስማሚ ይመስላል፤ ነገር ግን ቀትር በእኛ ዘንድ ጋኔን የሚወጣበት፣ ልጆች ወንዝ ዳር እንዳይሄዱ የሚከለከሉበት ሰዓት ነው። አያቶቻችን ሲፈሩት የኖሩትን ሰዓት የሚጠጣ ነገር ላይ መጻፍ አያስፈልግም። «ዕረፍት»ም ቀርቧል፤ እሱን የሰማ ሰው ደግሞ ዜና ዕረፍት ትዝ ይለዋል። «ረፋድ» ግን ከዚህ ሁሉ ነጻ ነው። ፀሐይዋ መክረር የምትጀምርበት፣ ሥራ የተጋመሰበት፣ ሰው የሚጠጣ ነገር የሚፈልግበት ሰዓት ነው፤ ድምፁም ከ«ማለዳ» ጋር አይምታታም።

ለጠጅ ሳሩ «ምሽት» ማለት ቀላል ነበር። በግዕዝ ፊደል እንከን የለውም። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ግን በመካከሉ እንግሊዝኛ አንባቢ ሻይ ሳጥን ላይ ሊያየው የማይፈልገው የስድብ ቃል ይወጣል። ሳጥኑ ዋሽንግተን ወይም ለንደን ባሉ የሐበሻ ሱቆች ይሸጣል ተብሎ ከታሰበ፣ እዚያ የተወለዱ ልጆች በመጀመሪያው ቀን ያዩታል። ስለዚህ «አመሻሽ» ይሻላል፦ ትርጉሙ ያው ነው፣ ድምፁ ለስላሳ ነው፣ በላቲን ፊደልም አያሳፍርም። እነሆ ማለዳ፣ ረፋድ፣ አመሻሽ። ሦስቱም የቀን ክፍል ስለሆኑ የአንድ ቤት መሆናቸው ይታወቃል፤ በስልክ ቢነበቡም አይምታቱም።

አሁን ከስሙ ሥር የምትጻፈው አንዲት መስመር ቀረች፤ ማስታወቂያ ሠሪዎች መሪ ቃል የሚሏት። ስሙ ሰዓቱን ከነገረን፣ መስመሯ ስሙ የተወውን መናገር አለባት፦ ምን ተክል ነው፣ እንዴት ይጠጣል። ለማለዳ በብዛት የሚጻፈው «ቀንዎን በተፈጥሮ ስጦታ ይጀምሩ» ዓይነት ነው። ይህን መስመር ወስዳችሁ በታሸገ ውኃ፣ በማር ወይም በሳሙና ላይ ለጥፉት፤ በሁሉም ላይ ይሄዳል። በሁሉም ላይ የሚሄድ መስመር ስለ ጦስኝ ምንም አልተናገረም።

ከዚህ የባሰው ሌላው ዓይነት ነው፦ «ለሳል፣ ለደም ግፊትና ለስኳር ፍቱን»። ጦስኝን ለሳል፣ ከርከዴን ለደም ግፊት የሚጠጣ ሰው ብዙ ነው፤ በቤት ውስጥ የሚባለውን ማንም አይከለክልም። የታሸገ ምግብ ላይ ሲጻፍ ግን ነገሩ ይለወጣል። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ኮዴክስ፣ ምግብ በሽታን ይከላከላል ወይም ይፈውሳል የሚል ጽሑፍን አይቀበልም። የአውሮፓ ኅብረት ሕግም እንዲሁ ይከለክላል። በአሜሪካ ደግሞ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሻዩን በሕግ ፊት ያልተፈቀደ መድኃኒት ያደርገዋል። እኔን ከሕጉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ግን ሳጥኑን አምኖ ሐኪም ያዘዘለትን የግፊት ክኒን የሚተው ሰው ነው። ከርከዴ ገዝተው ወደ ቤታቸው የሚሄዱ አባት ያንን መስመር እንደ ሐኪም ቃል ነው የሚያነቡት። «ፍቱን» የሚለው ቃል ከሻይ ሳጥን ላይ ጨርሶ መጥፋት አለበት።

ታዲያ ምን ይጻፍ? ለማለዳ፦ «የደጋ ጦስኝ፣ ከትኩስ ዳቦ ጎን»። ተክሉ አለ፣ አገሩ አለ፣ የሚበላው አለ። ሳሙና ላይ ቢለጠፍ ያስቃል፤ መስመሯ የዚህ ሻይ ብቻ መሆኗ በዚህ ይታወቃል። ለረፋድ፦ «ሲቀዘቅዝ የሚጥም ከርከዴ»። ሻይ ቀዘቀዘ ማለት ዘወትር ቅሬታ ነው፤ እዚህ ግን መጠጫው መንገድ ሆነ። ገዢውም ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጦ ሊጠጣው እንደሚችል ያለ ተጨማሪ ማብራሪያ ይረዳል። ለአመሻሽ፦ «ቡና ለማይጠጣበት ሰዓት፣ ጠጅ ሳር»። ማታ ቡና ጠጥቶ ጣሪያ ሲያይ ያደረ ሰው ሁሉ ይህ ለእሱ እንደተጻፈ ያውቃል። መስመሯ እንቅልፍ ታመጣለች አላለችም፤ ጠጅ ሳር ካፌይን የለውምና የምትለው እውነት ብቻ ነው።

ይህች የመጨረሻዋ መስመር ግን በቀላሉ ልትበላሽ ትችላለች። ጠጅ ሳር ብቻውን ቀለሙ ፈዛዛ ስለሆነ አምራቾች ጥቂት ሻይ ቅጠል መቀላቀል ይወዳሉ፤ ገዢው በብርጭቆ የለመደው ቀለም ይመጣለታል። ያን ጊዜ ካፌይን ገባ፤ ሳጥኑም ዋሸ። ስለዚህ መሪ ቃሉን የሚጽፈው ሰው ከቅመማ ክፍሉ ጋር መነጋገር ይኖርበታል፤ ቅይጡ በተለወጠ ቁጥርም መስመሯ እንደገና መታየት አለባት።

ስሞቹ ከተመረጡ በኋላ የሚቀረው ወደ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን መሄድ ነው። ቅደም ተከተሉ እዚህ ላይ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ተመሳሳይ ስም መመዝገቡ ይፈተሻል፤ «ማለዳ» የተወደደ ቃል ስለሆነ ሌላ ሰው ቀድሞ ይዞት ሊሆን ይችላል። ማመልከቻው ተቀባይነት ሲያገኝ ማስታወቂያ ይወጣል፤ ተቃዋሚ ካለ የሚቀርበው በ60 ቀን ውስጥ ነው። ምዝገባው ለ7 ዓመት ያገለግላል፤ ከዚያ ይታደሳል። ስሙ በግዕዝም በላቲንም የሚጻፍ ከሆነ ሁለቱንም አጻጻፍ ማስመዝገብ ይሻላል። ከሦስቱ አንዱ ቢወድቅ ስብስቡ ስለሚጎድል ሌላ የሰዓት ስም በመጠባበቂያ መያዝ ይጠቅማል፤ ለማለዳ «ንጋት» ይሆናል። በዚህ ሁሉ መካከል ማተሚያ ቤት ቸኩሎ ሺህ ሺህ ሳጥን ማሳተም ገንዘብ መጣል ነው። የ60 ቀኑ ጊዜ እስኪያልፍ ስሙን በትንሽ ቁጥር በታተመ ተለጣፊ ወረቀት ባዶ ሳጥን ላይ እየለጠፉ መሸጥ ይቻላል፤ በዚያው ጊዜ ሰው ሱቅ ገብቶ በየትኛው ስም እንደሚጠይቅ ባለሱቁን መጠየቅ ነው።