ፌስታሉ፣ ምድርና መሃል የተቀመጠው ቻርጅ

ከጥቅምት እስከ ጥር የጭሮ አየር ሲደርቅ ስስ ፌስታል ከእጅ አልላቀቅ ይላል። ነጋዴው እጁን ቢያራግፈው ዞሮ ይለጠፋል፤ መሬት ላይ ቢጥለው ብናኝና ገለባ ሰብስቦ ይነሳል። ሚኤሶ ቆላው ላይም ሆነ ሂርና ደጋው ላይ ያደገ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ጠጋ ብሎ ላየው ግን የሚያስገርም ነገር አለው። ገለባዋን ወደ ታች የሚስባት መላዋ ምድር ናት፤ ክብደቷ በኪሎ ግራም ሲጻፍ ከ6 በኋላ 24 ዜሮ ይከተላል። ወደ ላይ የሚስባት ደግሞ አንድ የታሸ ፌስታል ነው። ገለባዋ ወደ ፌስታሉ ትሄዳለች።

የሁለቱን ኃይሎች ልዩነት በቤት ውስጥ ለማየት ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። ሁለት ጣት ስፋትና 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው የፌስታል ቁራጭ ተቆርጦ በደረቅ ጨርቅ ሁለት ሦስት ጊዜ ይታሻል፤ ከዚያ መሃሉን እጣት ላይ አንጠልጥሎ ሁለቱን ጫፎች መልቀቅ ነው። ጫፎቹ ቀጥ ብለው በመውረድ ፈንታ እግሩን እንዳንፈራጠጠ ሰው ይከፈታሉ። ሁለቱም በእሽቱ ወቅት አንድ ዓይነት ቻርጅ ስላገኙ ይገፋፋሉ። ክፍተቱ የሚቆመው የመሬት ስበትና የኤሌክትሪኩ ግፊት በሚመጣጠኑበት ቦታ ላይ ነው። በክረምት ወይም እጅ ባላበው ጊዜ ሙከራው አይሠራም፤ በፌስታሉ ላይ የሚያርፈው ስስ እርጥበት ቻርጁን ያፈሰዋል። ጫፎቹ ጥቂት ተከፍተው ወዲያው ከተዘጉ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ይህን ግፊት በቁጥር የለካው ፈረንሳዊው ወታደራዊ መሐንዲስ ሻርል ኩሎም ሲሆን ዘመኑ 1785 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነበር። በቀጭን ሽቦ ላይ አግዳሚ ዘንግ አንጠልጥሎ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ቻርጅ ያላት ኳስ አስቀምጦ፣ ሌላዋ ኳስ ስትቀርባት ሽቦው ምን ያህል እንደሚጠመዘዝ ተመለከተ። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ርቀቱ ሦስት እጥፍ ሲሆን ወደ ዘጠነኛ ይወርዳል። ቀመሩ የሚከተለው ነው፦

F = k·q₁·q₂ / r²

ኒውተን ለስበት የጻፈው ቀመርም ቅርጹ ይኸው ነው፤ በቻርጆቹ ቦታ ክብደቶቹ፣ በk ቦታ ደግሞ G ይገባሉ። መልካቸው እንዲህ ቢመሳሰልም መጠናቸው ፈጽሞ አይገናኝም። እንግሊዛዊው ሄንሪ ካቨንዲሽ በ1798 በሁለት ዕቃዎች መካከል ያለውን ስበት በቤተ ሙከራ ሲለካ እያንዳንዳቸው 158 ኪሎ ግራም የሚመዝኑ ሁለት የእርሳስ ኳሶች አስፈልገውት ነበር። የሰው ትንፋሽና ሙቀት መሣሪያውን እንዳያናውጥበትም በተዘጋ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ ከውጭ በመነጽር ይመለከተው ነበር። የኤሌክትሪኩን ግፊት ለማየት ግን አንድ የፌስታል ቁራጭ በቃ።

በሃይድሮጅን አቶም ውስጥ ፕሮቶኑና ኤሌክትሮኑ የሚሳሳቡበት የኤሌክትሪክ ኃይል በመካከላቸው ካለው ስበት ይበልጣል፤ ብልጫው ከ2 በኋላ 39 ዜሮ ተጽፎ የሚነበብ እጥፍ ነው። ርቀቱ ቢለወጥም ይህ ቁጥር አይለወጥም፤ ሁለቱም ኃይሎች በርቀት ካሬ ስለሚቀንሱ ርቀቱ ይጣፋል። ታዲያ ድንጋይ ከጨርጨር ገደል ሲንከባለል የሚያወርደው ለምን ስበት ሆነ? ድንጋዩ ውስጥ ያለው ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ቻርጅ እኩል ስለሆነ አንዱ የሌላውን ይሰርዛል። ክብደት ግን ኔጌቲቭ የለውም፤ ቅንጣት በቅንጣት ላይ እየተደመረ ይሄዳል እንጂ አይጣፋም። የታሸው ፌስታል እንኳ ሚዛኑ የተዛባው ከቻርጁ እጅግ ጥቂቱ ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ጥያቄ ብዙ ተማሪ የሚሳሳትበት ነው፤ በአንድ መስመር ላይ ሦስት ቻርጆች ሲደረደሩ መሃል ያለው ወዴት ይሄዳል?

ሦስት ትናንሽ ኳሶች እንውሰድ። ኳስ ሀ 4 ናኖ ኩሎም ፖዘቲቭ ቻርጅ አላት፤ ኳስ ለ ደግሞ 1 ናኖ ኩሎም ፖዘቲቭ። በ30 ሴንቲ ሜትር ተራርቀው ተተክለዋል። በመካከላቸው ልክ እኩሌታው ላይ፣ ከሁለቱም 15 ሴንቲ ሜትር ርቃ፣ 2 ናኖ ኩሎም ፖዘቲቭ የሆነች ሦስተኛ ኳስ አለች። ናኖ ኩሎም ትንሽ ነው፤ ፀጉር ላይ የታሸ ማበጠሪያ የሚይዘው ቻርጅ በዚህ መስፈሪያ የሚነገር ነው።

በመጀመሪያ ሁለቱን ኃይሎች ለየብቻ ማስላት ይገባል፤ ሀ በመሃለኛዋ ላይ የምታሳርፈው ለ በመኖሯ አይለወጥምና። በቀመሩ ሲሰላ ሀ መሃለኛዋን 3.2 ማይክሮ ኒውተን በሆነ ኃይል ወደ ለ ትገፋታለች። ለ በበኩሏ 0.8 ማይክሮ ኒውተን በሆነ ኃይል ወደ ሀ ትመልሳታለች። አቅጣጫቸው ተቃራኒ ስለሆነ ይቀናነሳሉ፤ የተጣራው ኃይል 2.4 ማይክሮ ኒውተን ወደ ለ ነው። አሁን ለ ኔጌቲቭ ትሁን። ያን ጊዜ ሀ ትገፋለች፣ ለ ትስባለች፤ ሁለቱም መሃለኛዋን ወደ አንድ አቅጣጫ ይወስዷታል። ስለዚህ ይደመራሉ፤ 4.0 ማይክሮ ኒውተን ይሆናል።

ስሕተቱ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ተማሪው የኔጌቲቩን ምልክት ቀመሩ ውስጥ ይከታል፤ ከዚያ «ይሳሳባሉ» ብሎ አቅጣጫውን እንደገና ይገለብጣል። አንዱ ነገር ሁለት ጊዜ ተቆጠረ። ደኅናው መንገድ ቀመሩን ለመጠን ብቻ መጠቀምና አቅጣጫውን በመሃለኛዋ ኳስ ላይ በሚሣሉ ሁለት ቀስቶች መወሰን ነው። ቀስቶቹ ተቃራኒ ከሆኑ ይቀናነሳሉ፤ አንድ አቅጣጫ ከያዙ ይደመራሉ። መልሱ 4.0 መሆን ሲገባው 2.4 ከመጣ ቀስት ሳይሣል እንደተሰላ ይታወቃል።

ወደ መጀመሪያው እንመለስ፤ ሀ እና ለ ሁለቱም ፖዘቲቭ ናቸው። መሃለኛዋ ምንም ኃይል የማይሰማት ቦታ የት ነው? የሀ ቻርጅ የኳስ ለ ቻርጅ አራት እጥፍ ስለሆነ ብዙዎች ርቀቱም አራት እጥፍ ይሆናል ይላሉ። ኃይሉ የሚቀንሰው በርቀት ካሬ ነውና የአራት ካሬ ሥር፣ ማለትም ሁለት እጥፍ፣ ይበቃል። ከሀ 20፣ ከለ 10 ሴንቲ ሜትር ላይ ሁለቱም 1.8 ማይክሮ ኒውተን ይሆናሉና ይጣፋሉ። የመሃለኛዋ ቻርጅ ቢያድግም ቢያንስም ነጥቡ አይነቃነቅም፤ ሁለቱን ኃይሎች እኩል ስለሚያባዛቸው። ይኸው ስሌት ለስበትም ይሠራል፤ ምድር ከጨረቃ 81 እጥፍ ስለምትከብድ በመካከላቸው ስበቱ የሚጣፋበት ቦታ ከምድር 9 እጅ፣ ከጨረቃ 1 እጅ ርቀት ላይ ነው፤ ከምድር 346 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው።

በዚያ ሚዛን ነጥብ ላይ የተቀመጠችው ፖዘቲቭ ኳስ በመስመሩ ላይ ወደ ሀ ብትጠጋ ሀ ትመልሳታለች፤ ወደ ለ ብትጠጋ ለ ትመልሳታለች። ወደ ጎን ትንሽ ካፈነገጠች ግን ሁለቱም ተባብረው ወደ ውጭ ይወረውሯታል። ኔጌቲቭ ከሆነች ነገሩ ይገለበጣል፤ ከጎን ትመለሳለች፣ በመስመሩ ላይ ግን ወደ አንዷ ተስባ ትጣበቃለች። ሳሙኤል ኧርንሾ በ1842 እንዳሳየው በቆሙ ቻርጆች ብቻ ሌላን ቻርጅ በሁሉም አቅጣጫ ማርጋት አይቻልም። በሁለት የታሹ ፌስታሎች መካከል ሦስተኛ ፌስታል ያንጠለጠለ ሰው ቁራጩ ወደ ጎን ሾልኮ ሲወጣ በዓይኑ ያያል።

በአንድ መስመር የተደረደሩ ሦስት ቻርጆች በጨርጨር ተራሮች ላይም ይሠራሉ፤ በዝናብ ወራት ከሰዓት በኋላ በሚቆለለው የነጎድጓድ ደመና ውስጥ። በደመናው ውስጥ ለስላሳ የበረዶ ፍሬዎችና ቀላል የበረዶ ቅንጣቶች ሲጋጩ ቀላሎቹ ፖዘቲቭ ሆነው ወደ ላይ ይነፍሳሉ፤ ከባዶቹ ኔጌቲቭ ሆነው ከታች ይቀራሉ። ከእነዚህም ግርጌ ትንሽ ፖዘቲቭ ይገኛል። የመብረቅ መጻሕፍት ለማስላት በሚጠቀሙበት ምሳሌ ከላይ 40 ኩሎም ፖዘቲቭ፣ ከመሃል 40 ኩሎም ኔጌቲቭ፣ ከግርጌ 3 ኩሎም ፖዘቲቭ አለ፤ በመካከላቸውም አምስት አምስት ኪሎ ሜትር። ደመና ነጥብ ስላልሆነ ቀመሩ የሚሰጠው ግምት ብቻ ነው።

መሃለኛው ኔጌቲቭ ስለሆነ ሁለቱም ይስቡታል፣ ግን ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ። የላዩ 576 ሺህ ኒውተን፣ የታቹ 43 ሺህ ኒውተን ገደማ፤ የተጣራው 533 ሺህ ኒውተን ወደ ላይ። ይህ የ54 ቶን ክብደት ያህል ነው፤ የነጎድጓድ ደመና ግን ከመቶ ሺህ ቶን በላይ ውኃ ይሸከማል። ስለዚህ ደመናውን እንዳለ የሚያንቀሳቅሱት ነፋስና ስበት ናቸው።

በአንዲት የበረዶ ፍሬ ላይም ስበቱ ያሸንፋል። አራት ሚሊ ሜትር ስፋት ያላትና 50 ፒኮ ኩሎም የተሸከመች ፍሬ፣ በሜትር 100 ሺህ ቮልት በሆነ የደመና መስክ ውስጥ፣ ክብደቷ ከኤሌክትሪኩ ኃይል በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ለዚህ ነው ተቃራኒ ቻርጆቹ እየተሳሳቡም ተለያይተው ሊከማቹ የሚችሉት። በዚያው መስክ ውስጥ ያለ አንድ ነጻ ኤሌክትሮን ግን የሚያርፍበት የኤሌክትሪክ ኃይል ከክብደቱ ከአንድ ሺህ ትሪሊዮን እጥፍ በላይ ነው፤ መብረቁን የሚሠሩትም እነዚህ ኤሌክትሮኖች ናቸው።